ከጂም አላስወጣ ያለኝ ምርቃት

ያላነበብኩትን ወረቀት ፈርሜ አላውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ አቃቂ ውስጥ ከእኔ ጋር የኖረ ሰው ሁሉ የሚመሰክረው ነው። ጎረቤት ቤት ሲሸጥ፣ የዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ ሲሻሻል፣ የአንዱ ልጅ ዓረብ አገር ለመሄድ ቅጽ ስትሞላ «መጀመሪያ እሳቸው ይዩት» ይባላል። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዘይት ቀቢ ሆኜ ገብቼ የሽመና ክፍል ዋና መካኒክ ሆኜ የወጣሁት፣ ከማሽኑ ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ገጽ በገጽ ስላነበብኩት ነው። በዚያ ፋብሪካ ውስጥ «አልችልም» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ የምለው «ቆይ ልየው» ነበር። አይቼም አልሠራ ያለኝ የለም።

የጂሙንም ውል አንብቤ ነው የፈረምኩት። እንዲያውም ሁለት ቦታ የፊደል ግድፈት አግኝቼ መዝጋቢዋ ልጅ ፊት በራሴ እስክሪብቶ አርሜዋለሁ።

ጂሙን የከፈተው የሰፈራችን ልጅ ነው። አባቱ ከእኔ ጋር በአንድ ፈረቃ የሠራ፣ መፍቻ የምንዋዋስ ጓደኛዬ ነበር። ልጁ ነግዶ ሲሳካለት ውጭ አገር ካለ ሸሪኩ ጋር ሆኖ ቃሊቲ ዋናው መንገድ ዳር ካለ አዲስ ሕንፃ ላይ አራተኛውን ፎቅ ተከራየ። የምረቃው ቀን እኛን ሽማግሌዎቹን ጠርቶ ለስላሳ ጋበዘን። ሌሎቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ማሽኑን እንደ ታቦት ሲያዩ እኔ ኮቴን አውልቄ ብረት አነሳሁ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። በዚያው ቀን ተመዘገብኩ።

ውሉ ሁለት ነገር ይላል፤ ሁለቱንም አስታውሳለሁ። አንደኛው፣ ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው አባሉ በጽሑፍ ካላሳወቀ ውሉ በራሱ ጊዜ ለአንድ ዓመት ይታደሳል ይላል። ይህን ወደድኩት። መሥሪያ ቤቱ እንደ እኔ ያለውን፣ የጀመረውን የማይተው ሰው አስቦ የጻፈው መሰለኝ። ሁለተኛው፣ አባሉ በሕመም ምክንያት ለዘለቄታው ስፖርት መሥራት የማይችል መሆኑ በሐኪም ማስረጃ ሲረጋገጥ ውሉ ይቋረጣል ይላል። ይህኛው እኔን አይመለከትም ብዬ አለፍኩት። የፊደል ግድፈትም አልነበረበትም።

ክፍያው ጡረታዬ ከሚገባበት ሂሳብ በየወሩ በቀጥታ ወደ እነሱ እንዲዛወር ባንክ ሄጄ ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ፈረምኩ። ጡረታዬ በገባ ማግስት ይሄዳል። እኔ ወረፋ መጠበቅ አልወድም።

የመጀመሪያው ዓመት ያማረ ነበር። ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ። አሠልጣኙ ፀጉሩን ወደ ላይ ያቆመ ልጅ ነው፤ «ፋዘር» ነው የሚለኝ። «ፋዘር፣ ቀስ፣ እኔን ከሥራ ሊያስወጡኝ ነው እንዴ?» ይለኛል። መሮጫ ማሽኖቹ በመስኮቱ ትይዩ የተደረደሩ ናቸው፤ እዚያ ላይ ስሄድ ከታች ወደ ማረሚያ ቤት የሚወስደው መንገድ ይታየኛል። ሴቶች ለታሰረ ዘመድ ስንቅ በፌስታል አንጠልጥለው ይሄዳሉ፤ ከሰዓት ባዶ ሳህን ይዘው ይመለሳሉ። እነሱ ይሄዳሉ፣ እኔም እሄዳለሁ፤ እነሱ ግን የሆነ ቦታ ይደርሳሉ እያልኩ ከአሠልጣኙ ጋር እስቅ ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ውሉ እንደ ቃሉ በራሱ ታደሰ። እኔም አላሳወቅሁም፤ ለምን አሳውቃለሁ?

የታመምኩት ከዚያ በኋላ ነው። ብረት ሳነሳ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ብረቱ ነው ይላል፣ ግን አይደለም። ደረጃ እየወጣሁ ነው። ለሊፍት የተተወው ጉድጓድ በቆርቆሮ እንደታሸገ ነው፤ «ሊፍቱ ሊገባ ነው» ከተባለ ቆይቷል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረቴን አንድ ነገር ጨመቀኝ፤ ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩ። አሠልጣኙ ወርዶ አንድ ክንዴን፣ የሕንፃው ጥበቃ ሌላውን ይዘው አወረዱኝ። ሆስፒታል ልቤን በማሽን አዩት። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ድምፁ ግን የሽማግሌ ነው። «አባቴ፣ ልብዎ ደክሟል። ብረት የለም። ሜዳ ላይ በእርጋታ መሄድ ይችላሉ፤ ደረጃ ግን ባይበዛ ይሻላል። ኪኒኑን አንድ ቀን እንዳይዘሉ» አለኝ። ኪኒኑ በየወሩ የሚገዛ ነው፤ የሚገዛውም ከጡረታዬ ነው።

ሻል ሲለኝ ጂሙን ላቆም ሄድኩ። ደረጃ መውጣት እንደማልችል ለመናገር አራት ፎቅ ደረጃ ወጣሁ። በየፎቁ እያረፍኩ፣ ሰው ሲያልፍ ስልኬን የማይ እየመሰልኩ ነው የወጣሁት።

መዝጋቢዋ ልጅ ስታየኝ ብድግ አለች። «አባባ፣ እንኳን እግዜር ማረዎት። ናፍቀውን ነበር።»

«አሜን ልጄ። አባልነቴን ላቋርጥ ነው የመጣሁት። ታምሜአለሁ።»

ፊቷ ተለወጠ። «አይበሉ አባባ። ይድናሉ። ፍሪዝ ላድርግልዎት።»

«ፍሪዝ ምንድን ነው?»

«ለጊዜው እናቆየዋለን። ላልመጡበት ወር አይከፍሉም፤ ያ ወር ግን መጨረሻ ላይ ይጨመራል። ሲሻልዎት ካቆሙበት ይቀጥላሉ።»

ሒሳቡ ወዲያው ገባኝ፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም። የታመምኩበት ወር ሁሉ ውሉን ያስረዝመዋል ማለት ነው። በታመምኩ ቁጥር አባልነቴ ይበረታል።

«ልጄ፣ እኔ የምፈልገው እንዲያልቅ ነው።»

«ዓመቱ ሳይሞላ ለማቋረጥ ለዘለቄታው የማይችሉ መሆንዎን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል» አለች፣ ቃሉን እንደ ትኩስ ነገር በጥርሷ ጫፍ ይዛ። «ያን ደግሞ እግዜር አያምጣው። ይማርዎት። በሚቀጥለው ወር ይመጣሉ፣ ያያሉ።»

ምን ይባላል? ሰው ሲመርቅ አሜን ይባላል። አሜን አልኩ። እሷም ፍሪዝ አደረገችው። ፍሪዝ የሚደረገው በአንድ ዓመት ውስጥ ለአንድ ወር ብቻ መሆኑን ያወቅኩት በሚቀጥለው ወር ገንዘቡ ከሂሳቤ መሄድ ሲጀምር ነው።

ባንክ ሄድኩ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ አስተዋይ ናት። «አባባ፣ ሂሳቡ የእርስዎ ነው፤ ትዕዛዙን ማቆም ከፈለጉ አሁኑኑ አመልክተው ማቆም ይችላሉ። ግን ውሉ ሳይቋረጥ ክፍያውን ብቻ ካቆሙት በእነሱ ዘንድ ዕዳ ሆኖ ይቆጠርብዎታል። ከእነሱ ጋር ቢጨርሱ ይሻልዎታል» አለችኝ።

ዕዳ የሚለውን ቃል ስሰማ ማመልከቻውን መለስኩላት። የዕድራችን ሰብሳቢ እኔ ነኝ። መዋጮ ያሳለፈን ሰው ጉባኤ ፊት አቁሜ የምጠይቅ እኔ፣ «እሱም ባለዕዳ ነው» ሊባልብኝ? ያ አይሆንም። በዚያ ወር ኪኒኑን አንድ ቀን እየዘለልኩ መዋጥ ጀመርኩ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ልጆቻችን በየፊናቸው የራሳቸው ኑሮ አለባቸው፤ እኔ ደግሞ ከልጅ እጅ ተቀብዬ አላውቅም።

ባለ ጂሙ ራሱ ሊጠይቀኝ መጣ። ብርቱካንና ሙዝ በትልቅ ፌስታል ይዞ፣ እጄን ስሞ አጠገቤ ተቀመጠ። ወንበሩ የአባቱ ወንበር ነበር፤ ሁልጊዜ እዚያ ነበር የሚቀመጠው። ይህን ለልጁ አልነገርኩትም።

«ጋሼ፣ ጂሙ ያለ እርስዎ ቀዝቅዟል። ወጣቶቹ ‹ያ ሽማግሌ የት ሄዱ› ይላሉ።»

«ጂምህ ሞቀም ቀዘቀዘም እኔ አልመለስም። ውሌን አቋርጥልኝ።»

«ይመለሳሉ።»

«አልመለስም አልኩህ እኮ።»

ጉልበቱን አሻሸ። «አባቴ ጡረታ ሲወጣ መፍቻዎቹን በሙሉ ለፋብሪካው አስረክቦ ‹ከእንግዲህ አልነካቸውም› ብሎ ፈረመ። ያስታውሳሉ? ዓመት አልቆየም። ጋሼ፣ እኔ እርስዎን ‹ከእንግዲህ አይችሉም› ብዬ የምፈርምበት እጅ የለኝም። ከፈለጉ ክፍያውን እኔ ከኪሴ እሸፍናለሁ» አለ።

«እኔ ሰው የከፈለልኝን ነገር ተጠቅሜ አላውቅም። አሁን ደግሞ የማልጠቀምበትን ሰው ሊከፍልልኝ?»

«እንግዲያው የሐኪሙን ወረቀት ያምጡ። ሲስተሙን ሸሪኬም ያየዋል፤ ያለ ወረቀት ስምዎን ብሰርዝ ይጠይቀኛል። ወረቀቱ ካለ ግን ምን አደርጋለሁ?» ይህን ሲል ሐኪሙ እንዳይጽፈው እየጸለየ እንደነበረ ፊቱ ላይ አየሁት። ከዚያ ቆሞ መረቀኝ፤ ረጅም ምርቃት ነው፣ እንደ አባቱ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «አሜን፣ አሜን» አለች። እኔም አልኩ።

ወደ ሐኪሙ ስሄድ ባለቤቴ አብራኝ ሄደች። ጉዳዩን ሳስረዳው ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፣ ወረቀት ስቦ በእንግሊዝኛ ጻፈ፣ ማኅተም አስመትቶ ሰጠኝ። እነሱ ታማሚው አያነብም ብለው ነው የሚጽፉት። እኔ ግን እዚያው ቆሜ አነበብኩት።

«ዶክተር፣ ‹ቴምፖራሪሊ› ብለሃል። ለጊዜው ማለት ነው። እኔ የጠየቅኩህ ለዘለቄታው የሚለውን ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እንግሊዝኛ የት ተማሩ?»

«ከሽመና ማሽን።»

ሳቀ። ከዚያ ግን «አባቴ፣ በሕክምናው በኩል የሚሉት ልክ ነው። ብረት አያነሱም። ግን እኔ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ የሰጠኋቸው ሰዎች ቤታቸው ገብተው ይተኛሉ። መሄድ ያቆማሉ፣ ኪኒን ያቆማሉ። ተስፋ ቢኖርዎት ይሻላል» አለ።

ባለቤቴ ከጎኔ ሆና «ዶክተር እውነቱን ነው። ለዘለቄታው አይባልም። ምን ያለ ቃል ነው እሱ?» አለች።

«አንቺ ደግሞ ከማን ጋር ነሽ?»

«ከአንተ ጋር ነኝ አንተ ሰውዬ። ለዚህ ነው የምናገረው።»

ሁለቱም መረቁኝ። «ለጊዜው» የሚለውን ወረቀት ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ መንግሥት ነበር። ወረዳችን ንግድ ጽሕፈት ቤት ሸማች አቤቱታ የሚያቀርብበት ክፍል አለ። አቤቱታዬን በራሴ እጅ ጽፌ ሄድኩ፤ ውሉን፣ የባንኩን ዝርዝርና የሐኪሙን ወረቀት አባሪ አድርጌ፣ አንቀጽ በአንቀጽ አስረድቼ። ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገና «አባት፣ ይህን ማን ጻፈልዎት?» አለኝ። «ማን ይጽፍልኛል?» አልኩት። እንዲህ ያለ አቤቱታ አይቶ እንደማያውቅ ያስታውቅ ነበር።

ውሉን ግን እሱም አንብቦ ያውቃል። «ውሉ በሕመም ማቋረጥን አልከለከለም፤ ይህ ደህና ነው። ይህ አንቀጽ ባይኖር ኖሮ እኔ ነበርኩ የምጠራቸው። ግን ለዘለቄታው የሚል ማስረጃ ይላል፤ የያዙት ደግሞ ለጊዜው ይላል። ለጊዜው ከሆነ ድርጅቱ ፍሪዝ አድርጎልዎታል፣ ግዴታውን ተወጥቷል። እስቲ ለማንኛውም ልደውል» ብሎ ባለ ጂሙን ደወለለት፤ እኔም እንድሰማው ድምፁን ከፍ አደረገው።

«አዎ፣ እሳቸው አባቴ ናቸው» አለ ልጁ በስልክ። «ወረቀቱ በመጣ ቀን አቋርጣለሁ፤ አልከለከልኩም። እግዜር ይማራቸው እንጂ።»

«እግዜር ይማራቸው» አለ ባለሙያውም።

«አሜን» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ሁለት ሰው በመንግሥት ስልክ ሲመርቅህ ተከራክረህ አትወጣም። በዳይ ቢኖረኝ እንዴት እንደምገጥመው አውቃለሁ፤ እድሜ ልኬን ገጥሜአለሁ። የፋብሪካ ኃላፊ ገጥሜአለሁ፣ ቀበሌ ገጥሜአለሁ። አሁን ግን የሚይዘኝ ሰው ሁሉ እጄን የሚስም ሰው ሆነ። እምቢ ያለኝ ሰው የለም፤ እሺ ያለኝም የለም።

ወረዳው ጽሕፈት ቤት አጠገብ ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ ጡረተኞች ዳማ ይጫወታሉ። አንዱ የባቡር ጡረተኛ የድሮ ወዳጄ ነው፤ ምላሱ ከልጅነቱ ጀምሮ አልታረመም።

«እንዴት ሆነልህ?» አለኝ ዓይኑን ከዳማው ሳያነሳ።

ነገርኩት። ወደ ማረሚያ ቤቱ አቅጣጫ በአገጩ አመለከተ። «እዚያ ውስጥ ያሉት እንኳ የሚወጡበትን ቀን ያውቁታል። አንተን የፈረደብህ ዳኛ ማነው?»

«ራሴ ነኝ የፈረምኩት።»

«ይግባኝ በላ።»

«ብያለሁ።»

«እና?»

«ዳኛው መረቀኝ።»

ተጫዋቾቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ፤ ትንፋሽ አጠረኝ። ወዳጄ ድንጋዩን አስቀምጦ አየኝ። እሱ እንኳ፣ በዚያ ምላሱ፣ «ይማርህ» አለኝ። በዚህ ጊዜ አሜን አላልኩም። ተነስቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ነገሩን የፈታው ኪኒኑ ነው። ባለቤቴ አልጋ ስታነጥፍ ከፍራሹ ሥር ያቆየሁትን የኪኒን ቅጠል አገኘች። ማንበብ ብዙም አትወድም፤ ቤት ያለ ነገር መቼ እንደሚያልቅ ግን ከማንም በላይ ታውቃለች። ዘይት፣ ጋዝ፣ በርበሬ፣ የእኔ ኪኒን።

«ይሄ ማለቅ ነበረበት» አለች ቅጠሉን እያሳየችኝ።

«ቆይ ልየው» አልኩ። ልማድ ነው።

«ምኑን ታየዋለህ? እየዘለልክ ነው የምትውጠው።»

ነገርኳት። ጂሙ በየወሩ ከጡረታዬ ላይ እንደሚወስድ፣ የሚተርፈው ለቤቱም ለኪኒኑም እንደማይበቃ፣ ቤት የሚጎድል ነገር እንዳይኖር ከራሴ ላይ እንዳጎደልኩ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ቅጠሉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው። ከዚያ ነጠላዋን ከበሩ ጀርባ አወረደች።

«ተነሳ» አለች።

«ወዴት?»

«ወደ ሐኪሙ። ያንን ቃል ይጻፍ።»

«አይባልም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ቃል ስፈራ አንተ ኪኒን ስትዘል ልትሞትብኝ ነው? ተነሳ እንጂ።»

በባጃጅ ሄድን። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ክንዴን ትይዛለች። ሐኪሙ ክፍል ገብታ ሳትቀመጥ «ዶክተር፣ ለዘለቄታው ብለህ ጻፍ» አለችው። ሐኪሙ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። የኪኒኑን ቅጠል ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥለት ነገሩ ገባው፤ ተቆጣኝም፣ በዚያ በሽማግሌ ድምፁ። መቆጣቱ ልክ ነበር። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳና ቆመ።

«እማማ፣ የታመሙት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ይበሉኝ። ሳያምኑበት ጽፌ ብሰጣቸው ቤት ወስደው ቀደው ይጥሉታል።»

«ምን ልበልህ?» አልኩት።

«ብረት ማንሳት ይችላሉ?»

ቀላል ጥያቄ ነው። ሰፈር ውስጥ ያለ ሕፃን መልሱን ያውቀዋል። እኔ ግን አፌ ውስጥ ያለው «ቆይ ልየው» ነበር፤ ስልሳ ዓመት ያህል እዚያው ነው የኖረው። መስኮቱን አየሁ። ባለቤቴን አየሁ፤ እሷ ደግሞ ወለሉን ታያለች። ልትረዳኝ ሳትፈልግ ቀርታ እንዳልሆነ፣ ስናገረው እንዳታየኝ ብላ እንደሆነ አወቅኩ።

«አልችልም» አልኩ።

«ወደፊትስ?»

«ወደፊትም አልችልም። አሁን ጻፈው።»

ጻፈው። ስንት ዓመት የሸሸሁት ቃል ነው፤ ግን ስናገረው ጣራው አልወደቀም፣ ሐኪሙም አንገቱን አልደፋም። ወረቀቱን ሲሰጠኝ አነበብኩት። «ፐርማነንትሊ» ይላል። ስሜ ላይ አንዲት ፊደል አጉድሎ ነበር፤ አሳየሁት፣ አስተካክሎ ፈረመበት። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ስም ተሳስቶ ቢሄድ እንደገና መመለስ ይመጣል።

በማግስቱ ጂሙ ሄድን። ደረጃውን እኔ አልወጣሁም፤ ባለቤቴ «አትወጣም» አለች። ከታች ለባለ ጂሙ ደወልኩለት። እሱም ከመዝጋቢዋ ልጅ ጋር ማኅደሬንና ማኅተሙን ይዘው ወረዱ። የሕንፃው ጥበቃ ወንበሩን ለቆልኝ ተቀመጥኩ።

ባለ ጂሙ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። ልጅቷ ቅጹን ሞላች፤ ምክንያት የሚለው ቦታ ስትደርስ ቆመች፤ እኔ ቃል በቃል ነገርኳት፣ ጻፈችው። ፈረምኩ። ባለ ጂሙ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ፤ እጁ ግን አልሄደም። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምርቃቱ ሊመጣ ነው።

«ቆይ» አልኩት። «መጀመሪያ ፈርም። ከዚያ መርቅ።»

ጥበቃው ሳቀ። ልጁም እንባውን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ሳቀና ፈረመ። ማኅተሙን ለልጅቷ ሰጣት። ልጅቷ ይዛው ወደ እሱ አየች፣ ወደ እኔ አየች። «አባባ፣ እኔ አልችልም፣ ይቅርታ» አለች።

«አምጪው» አልኳት።

ማኅተሙን ቀለም አስነክቼ ራሴ መታሁት። ቀጥ ብሎ፣ ዙሪያው ሳይደበዝዝ፣ ፊርማው ላይ ሳይወጣ አረፈ። የእጄ ሥራ ነው፤ እጄ ገና ደህና ናት። ልጅቷ አንዱን ቅጂ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ከእሱ ጋር ባንክ ሄጄ ትዕዛዙን ማስቆም ብቻ ነበር የቀረኝ።

ከዚያ ልጁ መረቀኝ። የአባቱን ምርቃት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድም ቃል ሳያጎድል። እኔም ጎንበስ ብዬ ሰማሁት፤ ሲጨርስ አሜን አልኩ። ያን አሜን ስል የሚራዘም ነገር አልነበረም።

ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። ሜዳ ላይ መሄድ ይፈቀድልኛል፤ እስከ ባንኩ በእግራችን ሄድን።